ላብ የጠጣ ሐር ሳታጥቡ አታስቀምጡ

እኩዮቼ፣ ስሙኝ። በየቁም ሣጥናችን ያለው ሐር እየሞተ ነው። የሚገድለውም እኛ ስንፈራው የኖርነው ነገር አይደለም። «ሐር ውሃ አይነካም» የሚል ቃል ከእናቶቻችን ወርሰን፣ ከሠርግ የመጣውን ቀሚስ፣ ከክርስትና የተመለሰውን ሻርፕ፣ ልጆቻችን ከባሕር ማዶ የላኩልንን ሸሚዝ ሳናጥብ አጥፈን እናስቀምጣለን። ዕድሜዬን በልብስ ንጽሕና ሥራ የፈጀሁ ሰው ነኝና ውጤቱን አውቀዋለሁ። ሐሩ ብብቱ ላይ ተተርትሮ ይመጣል፤ ባለቤቱም «ኧረ አንድ ቀን ውሃ አላስነካሁትም!» ብሎ ይምላል። መሐላው እውነት ነው። ልብሱን ያጠፋውም ይኸው መሐላ ነው።

አስቀድማችሁ በእጃችሁ ያለው በእርግጥ ሐር መሆኑን እወቁ። ገበያው ሐር መሳይ ፖሊስተር ሞልቶታል፤ ሻጩ ሁሉንም «ሐር» ይለዋል። ከልብሱ ውስጥ፣ ከስፌቱ ትርፍ ላይ አንዲት ክር ምዘዙና በመቆንጠጫ ይዛችሁ ከሳህን በላይ በክብሪት ለኩሷት። ሐር ከሆነች ቀስ ብላ ትቃጠላለች፣ እሳቱን ስታርቁት የመጥፋት አዝማሚያ ታሳያለች፣ የተቃጠለ ጸጉር ትሸታለች፤ የቀረው ጥቁር ፍም በጣት ሲነካ ይደቃል። ፖሊስተር ከሆነች ቀልጣ ትንጠባጠባለች፣ ስትቀዘቅዝም በጣት የማይደቅ ጠንካራ ዶቃ ትሆናለች። ወረቀት የሚሸት፣ ግራጫና ቀላል አመድ የሚተው ደግሞ ጥጥ ነው። ፖሊስተር ከሆነ ይህ ሁሉ ምክር አያስፈልጋችሁም፤ እንደ ልማዳችሁ እጠቡት።

ያ የጸጉር ሽታ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሐር ትሉ ከአፉ የሚያወጣው ፕሮቲን ነው፤ ከራስ ጸጉራችንም ጋር በዚህ ይዛመዳል። ጸጉርን የሚጎዳ ሁሉ ሐርንም ይጎዳል ብላችሁ ብትይዙ ብዙም አትሳሳቱም። ጸጉሩን በበረኪና የሚያጥብ የለም፤ በልብስ ዱቄት የሚታጠብም የለም። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሻምፖ ግን ሁላችንም ታጥበናል፣ ምንም አልሆንንም። ይህ በሀገራችን የጉሎ ቅጠል እየበላ ከሚያድገው ትል ለሚገኘው ሐርም ይሠራል። እሱ እንደ ጥጥ የሚፈተል፣ ብልጭታው ደብዘዝ ያለ ነው፤ ፕሮቲንነቱ ግን ያው ነው።

አሁን አንድ ልብስ እንዴት እንደሞተ ልንገራችሁ። ከእድራችን ሴቶች አንዷ ልጇ ከአሜሪካ የላከችላትን ውሃ ሰማያዊ የሐር ቀሚስ በጥር ለሠርግ ለበሰችው። ጠዋት ብብቷን ዲዮድራንት ተቀባችና ሳይደርቅ ቀሚሱን አጠለቀች። ሙቀት ነበር፣ እስክስታም ነበር፣ ላብ ወረደ። ማታ ቀሚሱን በመስቀያ ሰቀለችው፤ በማግስቱ «ሽታው ይውጣለት» ብላ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አዋለችው። ከዚያም በላስቲክ ከረጢት ሸፍና ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባችው። ለፋሲካ ስታወጣው ብብቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ክብ ነገር አየች፤ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ አድልቷል፣ ጨርቁም ሲዳስሱት ደረቅ ብሏል። ወደ ልብስ ንጽሕና ቤት ወሰደችው። ስለ ላቡም ስለ ዲዮድራንቱም አልተናገረችም፣ የጠየቃትም የለም። በደረቅ እጥበት አልፎ፣ በትኩስ ካውያ ተተኩሶ ተመለሰ። ክቡ ነገር አሁን ቢጫ ቡናማ ሆኗል። በበዓሉ ቀን የልጅ ልጇን ለማቀፍ እጇን ስታነሳ ብብቱ ሳይጎተት ተተረተረ። ስፌቱ አልተፈታም፤ የተበጠሰው ጨርቁ ራሱ ነው።

ይህን ቀሚስ ማን ገደለው? አምስት ነገሮች ተባብረዋል፤ ዲዮድራንቱ፣ ላቡ፣ ፀሐዩ፣ ሦስቱ ወር እና ካውያው። ውሃ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ከዲዮድራንቱ ልጀምር። ሽታን ብቻ የሚሸፍን አለ፤ ላብን የሚያስቆምም አለ። ክፉው ሁለተኛው ነው። ላብ የሚያስቆመው ውስጥ የአሉሚኒየም ጨው አለ፤ በማሸጊያው ጀርባ ላይ «አሉሚኒየም ክሎራይድ» ወይም «አሉሚኒየም ክሎሮሃይድሬት» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው የፈቀደው መጠን ለመጀመሪያው እስከ 15 በመቶ፣ ለሁለተኛው እስከ 25 በመቶ ነውና ትንሽ ነገር አይደለም። እነዚህ ጨዎች አሲድነት አላቸው። እርጥብ ሳሉ ጨርቁ ውስጥ ይገባሉ፤ ውሃው ሲተንን ጨውና አሲዱ ክሩ ውስጥ ይቀራሉ፣ እየጠነከሩም ይሄዳሉ። በዚያ ላይ ትኩስ ካውያ ሲያርፍበት ሥራቸውን ያፋጥነዋል፤ ክሩ ይሰባበራል። የቀሚሱ ብብት «ደረቅ» ያለው ለዚህ ነው። በጣት ሲዳስሱት የሚሻክር፣ ነጣ ያለ ቅርፊት የመሰለ ነገር ካገኛችሁ ይህ የተጠራቀመ የአሉሚኒየም ጨው ነው።

ላቡ ደግሞ ሁለት ጠባይ አለው። ከሰውነት ሲወጣ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ጥቂት ጨው ይዟል፤ ትንሽ ወደ አሲድነት ያደላል። ውሎ ሲያድር ግን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይሠሩበትና አሞኒያ ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ ወደ ተቃራኒው፣ ወደ አልካሊነት ይዞራል። ሐር የሚጠላው ይህንን ነው። ቀለሙም ይጠላዋል። የቀሚሱ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ያደላው የቀለሙ ጠባይ ስለተለወጠ ነው። ጨርቅ አምራቾች ይህን በደንብ ያውቁታል። አይ ኤስ ኦ 105 በሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ የቀለም ጽናት በላብ ሲፈተን አንድ ሰው ሠራሽ ላብ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ አሲድ፣ ሌላው አልካሊ ሆኖ ሁለት ይዘጋጃል፤ ጨርቁም በ37 ዲግሪ ሙቀት ለ4 ሰዓት ይቆይበታል። ትኩሱም ላብ፣ ያደረውም ላብ ቀለም ያጠፋሉ ማለት ነው። ጨውም ክሩን ቀስ በቀስ ያዳክማል። በአራት ሰዓት የሚፈተነውን እኛ ሦስት ወር ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ እናቆየዋለን።

ፀሐዩን በተመለከተ የኛን ሀገር አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየአንድ ሺህ ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር አሥር በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይታወቃል። ያ ጨረር የሐርን ፕሮቲን ይበጣጥሳል፣ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል፣ ባለቀለሙን ያደበዝዘዋል። ከጎንደር ዘመን የተረፉ የሐር መጋረጃዎች በውጭ ሙዚየሞች ይገኛሉ፤ ሙዚየሞች እንዲህ ያለ ሐር ላይ ከ50 ሉክስ በላይ ብርሃን እንዳያርፍ ይጠነቀቃሉ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ያለ ግቢ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። እህታችን ቀሚሷን አንድ ቀን እዚያ አዋለችው፤ ያውም ላቡን እንደ ያዘ። ጥላ ያለበት ነፋሻ በረንዳ ሽታውን እኩል ያወጣላት ነበር። መስኮት ሥር የተዘረጋ የሐር ትራስ ወይም መጋረጃ ያላችሁም አትዘናጉ። መስታወት የጨረሩን አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚያስቀረው፣ የቀረው ያልፋል። እጥፋቱን ገልጣችሁ የውስጡን ቀለም ከውጪው ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ደረቅ እጥበቱ ለምን አላዳነውም? ስሙ እንደሚለው ውሃ የለበትም። ብዙ ቤቶች የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ፐርክሎሮኤቲሊን የሚባል ነው፤ ዘይትና ቅባት ጥሩ አድርጎ ያወጣል። ጨውና ስኳር ግን በውሃ እንጂ በዚያ ፈሳሽ አይሟሙም። ስለዚህ ላቡ፣ የአሉሚኒየሙ ጨው፣ የፈሰሰው ጠጅና ለስላሳ መጠጥ እዚያው ይቀራሉ። ልብሱ ንጹሕ መስሎ ይወጣል፤ ካውያ ሲያርፍበት የተደበቀው ሁሉ ቡናማ ሆኖ ይገለጣል። ጥፋቱ የሙያው አይደለም፤ ባለሙያው ስለ ላቡ ከተነገረው በውሃ የሚወጣውን ቀድሞ ያወጣዋል። ከእንግዲህ ሐር ስታስረክቡ ብብቱን በጣታችሁ እያሳያችሁ «እዚህ ላብና ዲዮድራንት አለ፤ ይህ ሳይወጣ ካውያ እንዳይነካው» ብላችሁ ተናገሩ። ጠጅ ከፈሰሰበትም ቦታውን አሳዩ፤ ደርቆ ባይታይም አለ።

ውሃን ነጻ አወጣሁት ስል ምንም ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። ሁለት ጠባዮቹን ልታውቁለት ይገባል። አንደኛው፣ ሐር ሲረጥብ ከጥንካሬው ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ለጊዜው ያጣል፤ ሲደርቅ ይመለስለታል። ስለዚህ እርጥብ ሐር አይጠመዘዝም፣ አይፈተግም። እርጥብ ሐር ሲፈተግ ጥቃቅን ፀጉሮች ከክሩ ላይ ይነሳሉ፤ ሲደርቅ ቦታው የነጣ፣ የደበዘዘ መስሎ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ቆሻሻ መስሎት ይብስ ይፈትገዋል። ይህ ጉዳት እንጂ ቆሻሻ አይደለምና በእጥበት አይወጣም። ሁለተኛው የጠብታ ክብ ነው። ዝናብ ወይም የቀዝቃዛ መጠጥ ብርጭቆ ላብ ጠብ ሲልበት፣ ውሃው በጨርቁ ላይ የተቀባውን ማጠናቀቂያ እየገፋ ወደ ዳር ይወስደዋል፤ ሲደርቅ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። ለዚህ መፍትሔው ቦታውን ብቻ ማሸት አይደለም። መታጠብ የሚችል ልብስ ከሆነ ሙሉውን አርጥቡትና እኩል ይድረቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀለበቱ አብሮ ይጠፋል። ብብቱን ብቻ በውሃ መለቅለቅም እንዲሁ ቀለበት ይተዋል። ወይ ሙሉውን እጠቡ፣ ወይ ጨርሶ አታርጥቡ።

እንግዲህ እንዴት ይታጠብ? መጀመሪያ ውስጡ ላይ የተሰፋውን ምልክት አንብቡ። የውሃ ሳፋ ሥዕል ላይ እጅ ካለበት በእጅ ይታጠባል፤ ሳፋው ላይ የመስቀል ምልክት ከተሰመረበት አይታጠብም። ምልክት ከሌለው ወይም ከተጠራጠራችሁ ቀለሙን ፈትኑት። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በምታጥቡበት የሳሙና ውሃ ነክራችሁ የልብሱ የውስጥ ስፌት ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተጫኑት። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ቀጥሉ። ቀለም ከወሰደ ቁሙ፤ ልብሱን ለባለሙያ ስጡት። በተለይ ሁለት ቀለም የተቀላቀለበት ሻርፕና ደማቅ ቀይ ወይም ጥቁር ሐር ይህን ፈተና ሳያልፍ ውሃ ውስጥ አይግባ።

ሳሙናው ላይ ነው ትልቁ ስሕተት የሚሠራው። የልብስ ዱቄት ሳሙና አልካሊ ነው፤ ብዙዎቹም ኢንዛይም አለባቸው። ኢንዛይሙ የተጨመረው ደምና እንቁላልን፣ ማለትም ፕሮቲንን እንዲበላ ነው። ሐር ራሱ ፕሮቲን መሆኑን ነግሬያችኋለሁ፤ የሚሆነውን እናንተው ተረዱት። ደረቅ ሳሙናም አልካሊ ነው፤ ጨው በበዛበት ውሃ ደግሞ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። በረኪናማ ፈጽሞ አይሞከር። ያላመነኝ ከአሮጌ የሐር ሻርፕ ጫፍ የጥፍር ያህል ቆርጦ በረኪና ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጣልና ይመልከት፤ ጨርቁ እየሟሟ ይጠፋል። ለሐርና ለሱፍ የተሠራ ፈሳሽ ሳሙና በትልልቅ ሱቆች ይገኛል። ከጠፋ የሕፃን ሻምፖ ይበቃል።

አንድ ቀሚስ ወይም ሸሚዝ እንዲህ ይታጠባል። በንጹሕ ሳፋ 5 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ቅዱ፤ ከ30 ዲግሪ አይበልጥ፣ እጃችሁን ስትነክሩት አይሙቅ፣ አይቀዝቅዝም። ከሳሙናው ወይም ከሻምፖው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምራችሁ በእጅ አማስሉት፤ ሳሙናው ልብሱ ላይ በቀጥታ አይፍሰስ። ልብሱን ገልብጡና ሙሉውን በአንድ ጊዜ አጥልቁት። ለሦስት፣ ቢበዛ ለአምስት ደቂቃ በመዳፋችሁ እየተጫናችሁ ልቀቁት። ብብቱን በአንድ እጅ ከሥር ደግፋችሁ በሌላው የሳሙናውን ውሃ ከላይ ወደ ታች እያሳለፋችሁ ተጫኑት፤ ሁለቱን የጨርቅ ፊት እርስ በርስ አትፈትጉ። ውሃው ሲደበዝዝ ካያችሁ ያ የወጣው ላብ ነው።

ልብሱን ስታወጡት ትከሻውን ይዛችሁ አትጎትቱት። ውሃ የጠጣ ሐር ከባድ ነው፤ በሁለት እጅ ከሥሩ አቅፋችሁ አንሱት። ሙቀቱ ከመጀመሪያው ጋር በተቀራረበ ውሃ አረፋው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። ከዚያ በ5 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጨምራችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ንከሩት፤ የቀረውን ሳሙናና ያደረውን አልካሊ ያበርደዋል፣ ብልጭታውንም ይመልስለታል። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አንድ ጊዜ አለቅልቁ። ነጭ ፎጣ ዘርግታችሁ ልብሱን በላዩ አስተኙና ፎጣውን ከልብሱ ጋር ጠቅልላችሁ ተጫኑት። ፎጣው ይጠጣለታል፤ መጭመቅ አያስፈልግም። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ወይም በወፍራም መስቀያ ላይ ይድረቅ። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አይግባ፣ ምድጃ አጠገብም አይሰቀል።

ካውያ የሚመታው ገና ትንሽ እርጥበት ሲቀረው፣ በግልባጩ ነው። የካውያው አንድ ነጥብ ከ110 ዲግሪ፣ ሁለት ነጥብ ከ150 ዲግሪ አይበልጥም ማለት ነው። እናንተ ከአንዱ ነጥብ ጀምሩ። ካልተስተካከለላችሁ መሐል ላይ ስስ የጥጥ ጨርቅ አድርጉና ጥቂት ጨምሩ። እንፋሎት የሚተፋ ካውያ ጠብታ ይጥላልና እንፋሎቱን ዝጉት። ብብቱ ላይ ጥቂት እንኳ ቢጫ ካያችሁ ካውያውን አስቀምጡና ልብሱን ወደ ሳፋው መልሱት። ቢጫው ሙቀት ካገኘ በኋላ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «የኔ እኮ ድሮ ነው የቆሸሸው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልብሱን ወደ መስኮት ብርሃን አንሱና ብብቱን ከጀርባ ተመልከቱ። ክሮቹ ሳይላቀቁ ከቆዩ ተስፋ አለ። በለብታ ውሃና በዚያው ሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ዘፍዝፋችሁ አለቅልቁ፤ ጥቂት ከቀነሰ ሌላ ቀን ድገሙት። ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ አንዳንዴ በአቼቶው ውሃ ቀለሙ ይመለሳል፤ አልካሊው ስለሚበርድለት ነው። ቢጫ ቡናማ የሆነው ግን እምብዛም አይለቅም። ብርሃን ላይ ስታነሱት ክሮቹ በአንድ አቅጣጫ ተከፋፍለው መስመር መስመር ከሠሩ ያ ጨርቅ አልቋል። ማጠብ ያፈርሰዋል እንጂ አያድነውም። ብብቱ ይውጣና በሰፊ ከሌላ ጨርቅ ይተካ፣ ወይም ቀሚሱ ተቆርጦ ሻርፕ ይሁን። ጎረቤት የሚነግራችሁን ቤኪንግ ሶዳ፣ ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማዋል፣ አሞኒያ፣ ይህን ሁሉ ተዉት። ሶዳውና አሞኒያው አልካሊ ናቸው፤ ሎሚውና ፀሐዩ ቀለሙን ይጨርሳሉ።

በዚህ መንገድ የማይታጠብም ሐር አለ። ከአባቶቻችሁ የቀረ አሮጌ ካባ፣ ወርቅ ዘቦ ወይም ገበር ያለው፣ ክርኑና ትከሻው በቅርጽ የተሠራ ልብስ በሳፋ አይታጠብም። ገበሩና ላዩ ሐር እኩል ስለማይሰበሰቡ ይጨማደዳል፤ የወርቁም ክር ይጠቁራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በአውሮፓ የተሸጠ ሐር ብዙው ክብደት እንዲያገኝ በቆርቆሮ ጨው የተነከረ ነበር። ያ ጨው ሐሩን ከውስጥ እየበላው እጥፋቱ ላይ ይሰነጣጥቀዋል፤ የእጅ መዳሰስም ይበጥሰዋል። ቤታችሁ ያለው የድሮ ካባ እጥፋቱ ላይ ስንጥቅ ካሳየ አታጥቡት፣ አትስቀሉት፣ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ አስተኝታችሁ በጨለማ አስቀምጡት። ሐርን የሚያድን ሙዚየም ወይም ባለሙያ ካገኛችሁ አማክሩ።

ከመልበስ በፊት ያለውም ጥንቃቄ ሥራ ይቀንሳል። ዲዮድራንት ተቀብታችሁ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይደርቅ ሐር አታጥልቁ። የሚቻል ከሆነ ላብ የሚያስቆመውን ትታችሁ ሽታ ብቻ የሚከላከለውን ያዙ። ከውስጥ ስስ የጥጥ ካናቴራ ልበሱ፤ ላቡን እሱ ይጠጣዋል፣ እሱንም እንደ ፈለጋችሁ ታጥቡታላችሁ። ሽቶ ልብሱ ላይ አይረጭም፤ አልኮሉ ቀለሙን ያፈሳል። ሽቶው ቆዳ ላይ ይረጭ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይለበስ።

ስትመለሱም ያንኑ ማታ ወይም በማግስቱ እጠቡት። በእጅ የማይታጠብ ከሆነ በዚያው ሳምንት ለባለሙያ ይድረስ፤ እስከዚያ ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ ይናፈስ። የቆሸሸ ሐር ብል ይጠራል፤ ላስቲክ ከረጢት ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ያቆየዋል። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ በአሮጌ ነጭ ነጠላ ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥታችሁ እጥፋቱን ቀይሩ። የብል መከላከያ ፍሬ ጨርቁን በቀጥታ አይንካ።

እኩዮቼ፣ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ዛሬ ማታ ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱ። ከሠርግ፣ ከክርስትና፣ ከልቅሶ መልስ ሳይታጠብ የተሰቀለውን ሐር ሁሉ ለዩ፤ ብብቱንና አንገትጌውን በብርሃን ፈትሹ። በእጅ የሚታጠበውን ነገ እጠቡ፣ የማይታጠበውን ላብ እንዳለበት ተናግራችሁ ለባለሙያ ስጡ። ለልጆቻችሁም «ሐር ውሃ አይነካም» ብላችሁ አታውርሱ። ሐር ውሃ ይነካል፤ የማይነካው በረኪና፣ የልብስ ዱቄት፣ ጠራራ ፀሐይ እና ላብ ባለበት ላይ የሚያርፍ ትኩስ ካውያ ነው።